ቻርጀሩ የተቃጠለበት ሌሊት

የእህቴ ልጅ ሲቪል መሐንዲስ ነው። አንድ የግንባታ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶት ከደሴ በአውቶቡስ ሲጓዝ ውሎ፣ አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገባና አውቶቡስ ተራ አካባቢ ፔንሲዮን ያዘ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሠራውን የድልድይ ንድፍ ከራሱ ላፕቶፕ እያሳየ እንዲያስረዳ ተነግሮታል። ላፕቶፑን ሰክቶ ሊታጠብ እንደገባ መብራት ጠፋ። ቆይቶ ሲመጣ አምፖሉ ከወትሮው በላይ ቦግ ብሎ ተረጋጋ። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑ ቻርጅ አላደርግ አለ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለልኝ። እኔ ደሴ ኤሌክትሮኒክስ ጠግኜ ነው የምኖረው።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩልህ። ሱቁ ሁሉ ዘግቷል።»

«ባትሪው ስንት ይላል?»

«አርባ በመቶ።»

«መጀመሪያ ንድፉን ወደ ፍላሽና ወደ ስልክህ ገልብጠው። ከዚያ ላፕቶፑን ጨርሰህ አጥፋው። ክዳኑን ከድነህ እንዳትተወው፤ እንዲያ ሲሆን ሌሊቱን ሙሉ ትንሽ በትንሽ ይበላል።»

ይህን ያስቀደምኩት በሒሳብ ነው። የሱ ባትሪ ሲሞላ 45 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ አርባ በመቶው 18 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ላፕቶፕ የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ ተደርጎ ፋይል ብቻ ሲያሳይ አሥር ዋት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ የቀረው ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ከባዱ የንድፍ ፕሮግራም ከተከፈተ ግን ፍጆታው እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አንድ ሰዓትም አይሞላም። ያረጀ ባትሪ ደግሞ ሃያ በመቶ እያለ ድንገት ድርግም የሚልበት ጊዜ አለ። ለሃያ ደቂቃ ገለጻ ይበቃ ነበር፤ ይዞት እንዲገባ ግን ልቤ አልፈቀደም።

ቀጥሎ የሞተው የቱ እንደሆነ መለየት ነበረብን። ሰው ቻርጀር ሲበላሽበት ሁሉንም በአንድ ላይ እንደ ሞተ ይቆጥረዋል። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ሦስት ክፍል አለው፤ ከግድግዳው የሚነሳው ወፍራም ገመድ፣ መሐል ላይ ያለው ጥቁር ሳጥን፣ እና ከሳጥኑ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ይህ ቀጭኑ ነው፤ ያውም ጫፉ አጠገብ፣ ዘወትር በሚታጠፍበት ቦታ። እሱ ሲሆን ምልክቱ ግልጽ ነው። ገመዱን ወደ አንድ ጎን ሲያጎብጡት ቻርጅ ያደርጋል፣ ሲለቁት ያቆማል።

«ስልክህን እዚያው ሶኬት ላይ ሰካው» አልኩት። ሠራ፤ ሶኬቱ ደህና ነው ማለት ነው። «ጥቁሩ ሳጥን ላይ ያለችው መብራት ትበራለች?» አትበራም። ብትበራ ኖሮ ጥርጣሬዬ ወደ ቀጭኑ ገመድ ወይም ወደ ላፕቶፑ ቀዳዳ ይዞር ነበር። ላፕቶፑ ላይ ሲሰካት የምትጠፋ፣ ሲነቅላት የምትበራ ብትሆን ደግሞ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው። የሱ ግን ብቻውንም ቢሆን ጨለማ ነው። ወፍራሙ ገመድ ከሳጥኑ የሚነቀል ዓይነት ስለነበር ከፔንሲዮኑ ቢሮ የሌላ ላፕቶፕ ገመድ ተውሶ ቀየረው። አሁንም ጨለማ።

«እስቲ አሽትተው።»

«የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል።»

ሳጥኑ ሞቷል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ተጽፏል፤ የእኛ አገር መብራት 220 ስለሆነ በደህናው ጊዜ ችግር የለውም። መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ግን ለአፍታ ከዚህ በላይ ሊዘል ይችላል፤ የአምፖሉ ቦግ ማለት ይኸው ነበር። መብራት ሲጠፋ የተሰካውን ነቅሎ፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ያለብን ለዚህ ነው።

የፔንሲዮኑ እንግዳ ተቀባይ እናት የሆነች ሴት ናት። ከመሳቢያዋ እንግዶች ረስተዋቸው የሄዱ ቻርጀሮች አውጥታ ሰጠችው። እያንዳንዱን ጽሑፍ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። የሱ የሞተው ቻርጀር የሚያወጣው 19.5 ቮልት፣ 3.33 አምፒር ነው፤ ሲባዛ 65 ዋት ይመጣል። ከመሳቢያው አንዱ 19 ቮልት፣ 4.74 አምፒር ይላል። ቮልቱ የግማሽ ልዩነት ብቻ ስላለው አይጎዳም። አምፒሩ መብለጡም አያስፈራም፤ ላፕቶፑ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ነው። የሚያስፈራው ሲያንስ ነው፤ ያኔ ቻርጀሩ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ ይግላል። ግን ጫፉ ወፈረ። በግድ ላስገባው ሲል ከለከልኩት፤ ላፕቶፑ ቀዳዳ መሐል ያለችው መርፌ ከታጠፈች የቻርጀር ችግር የነበረው የላፕቶፕ ችግር ይሆናል።

ያኔ ነው የላፕቶፑን ጎን እንዲያይ የነገርኩት። «ከላይም ከታችም ቢገለበጥ የሚገባ፣ እንደ አዲስ ስልክ ያለ ሞላላ ቀዳዳ አለው?» አለው፤ አጠገቡም የባትሪ ምልክት ተስሏል። ቀዳዳው ዩኤስቢ ሲ ይባላል። ሁሉም ላፕቶፕ በዚህ በኩል ቻርጅ አያደርግም፤ ምልክቱ ካለ ግን ሊያደርግ ይችላል።

የእንግዳ ተቀባይዋን የስልክ ቻርጀር ሰካ። ምንም የለም። ጽሑፉ 5 ቮልት፣ 2 አምፒር ነው የሚለው፤ አሥር ዋት ብቻ። ጎረቤት ክፍል ያደረ ነጋዴ ግን አዲስ ስልኩን የሚሞላበት ትልቅ ቻርጀር ነበረው። የላዩ ጽሑፍ ደርደር ያለ ነው፤ 5፣ 9፣ 15፣ መጨረሻ ላይ 20 ቮልት፣ 3.25 አምፒር። የምፈልገው ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ነበር። እንዲህ ያለ ቻርጀር በ5 ቮልት ይጀምርና ከተሰካበት ዕቃ ጋር ተነጋግሮ ወደሚስማሙበት ቮልት ይወጣል፤ ስልክ 9 ቢጠይቀው 9፣ ላፕቶፕ 20 ቢጠይቀው 20 ይሰጣል። ስለዚህም ከላፕቶፑ ጋር ሳይስማማ ከፍተኛ ቮልት አይለቅም። ከራሱ ገመድ ጋር እንዲያውሰውም አስጠየቅሁት፤ አንዳንዱ ቀጭን ገመድ ለስልክ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ይህን ያህል ኃይል አያሳልፍም።

ሲሰካው የላፕቶፑ መብራት በራ። እንደ ጠፋ ተወው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በኋላ ከዘጠና በመቶ አለፈ፤ ቻርጀሩንም ለባለቤቱ መልሶ ተኛ። በማግስቱ ገለጻውን አደረገ፤ የቃለ መጠይቁን ውጤት ገና እየጠበቀ ነው።

ደሴ ሲመለስ የሞተውን ሳጥን አመጣልኝ። እንዲህ ያለውን ሳጥን ማንም በቤቱ ባይከፍተው ደስ ይለኛል። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ሲሠራ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሊቆይበትና ሰው ሊመታ ይችላል። እኔ አጥፍቼ፣ በቴስተር ለክቼ ባዶ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው የነካሁት። ፊውዙ ጠቁሯል። ትርፍ ቮልት ሲመጣ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ሌላውን የሚያድነው ክብ ክፍል ተሰንጥቋል። ከኋላው ያለው ትራንዚስተርም ሾርት ሆኗል፤ ማለትም ዝላዩ ጠባቂውን አልፎ ውስጥ ገብቷል። ፊውዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀይሬ እሰጠው ነበር። ትራንዚስተሩ ከሄደ ግን ሌላ ምን እንደ ተጎዳ በዓይን አይታወቅም፤ እንዲህ ያለውን ጠግኜ ሰው ሲተኛ ተሰክቶ እንዲያድር አልሰጥም። ወፍራሙ ገመድ ደህና ስለነበር ያንን ብቻ አስቀረሁ።