ከ«ቀጭኔ» ወደ «ቀጮ»

ብራዚላዊው ፔሌ በልጅነቱ ይህን ስም አጥብቆ ይጠላው ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ኤድሰን ነው፤ በፈጠራ ሰው በቶማስ ኤዲሰን ስም መጠራቱም ያኮራው ነበር። ራሱ እንዳወጋው፣ አባቱ በሚጫወትበት ቡድን ቢሌ የሚባል ግብ ጠባቂ ነበር። ትንሹ ልጅ የግብ ጠባቂውን ስም አስተካክሎ መጥራት ስላቃተው ጓደኞቹ «ፔሌ» እያሉ ያበሽቁት ጀመር። አንዱን የክፍል ልጅ በቡጢ መታና ለሁለት ቀን ከትምህርት ታገደ። ስሙ ግን ጭራሽ ተጣበቀበት።

ቡጢው ለአብሻቂዎቹ የሚፈልጉትን ነው የሰጣቸው። የተማሪ ቅጽል ስም ዕድሜ የሚያገኘው ለአፍ ስለሚቀልና የተጠሪውን ፊት ስለሚለዋውጥ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ አንበሳ በሉኝ» ማለትም ከቁጣ አይሻልም፤ በማግስቱ «አንበሳው መጣ!» የሚል አዲስ ሳቅ ይወለዳል።

የሚያዋጣው የተጠላውን ስም ጥቂት ማጣመም ነው። እንበል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በቁመቷ የተነሳ «ቀጭኔ» ተብላለች። «ቀጮ» ብትባልስ? መነሻ ድምፁ ያው ነው፣ አጭር ነው፣ ከሩቅ ለመጣራት ይመቻል፤ እንስሳው ግን ከውስጡ ወጥቷል። አቆላምጦ መጥራት የቤትም የሰፈርም ልማድ ስለሆነ ለማንም ጆሮ አይጎረብጥም። እርግጥ አሁንም የሚያነሳው ሰውነቷን ነው። እሱም የሚከፋት ከሆነ ከመጠሪያ ስሟ የሚወጣ ቁልምጫ ይሻላታል፤ መራጯ እሷው ናት።

ስሙን ማስጀመር ግን የእሷ ሥራ አይደለም። አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ በእረፍት ሰዓት፣ ሳቅ ሳትጨምርበት፣ «ቀጮ፣ ደብተርሽን አውሺኝ» ትላለች። ሌላ ጓደኛ ይከተላል። ልጅቷ «ቀጮ» ላላት ፈጥና ትዞራለች። «ቀጭኔ» ላላት አትቆጣም፣ አብራም አትስቅም፤ ዘግየት ብላ «አቤት» ትልና ወደ ጉዳዩ ትገባለች። ይህ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በመካከል ሁለቱም ስሞች እየተቀላቀሉ መጠራታቸው አይቀርም። መያዙ የሚታወቀው፣ የጓደኞቿን ምክክር ያልሰማ ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ ሳያስበው «ቀጮ፣ አቀብይኝ!» ሲላት ነው። በተቃራኒው «ቀጮዬ» እየተባለ በሹፈት ቅላጼ መጎተት ከጀመረ ያም ተበላሽቷል፤ ሌላ መፈለግ ነው።

ብልሃቱ የሚሠራው በሚወዷት ልጆች መካከል ነው። ስሙ ብሔርን ወይም የአካል ጉዳትን የሚሰድብ ከሆነ፣ ወይም ከዛቻና ከግፊያ ጋር ከመጣ ማለዘብ አይበጅም፤ ለክፍል ኃላፊው ወይም ለዩኒት ሊደሩ ለብቻ መንገር ያስፈልጋል። ለብቻ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በጠዋት ሰልፍ ላይ «ከእንግዲህ እንዲህ ብሎ የሚጠራት ይቀጣል» ተብሎ ከታወጀ፣ ስሙን ሰምተው የማያውቁት ክፍሎች ሁሉ ያን ዕለት ይማሩታል።