የዓመት ፈቃድ ደንብ አጻጻፍ

«ያልተወሰደ ፈቃድ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል» ብሎ የሚያበቃ የንግድ ቤት ደንብ ክርክር ይወልዳል፤ ዓመቱ ከመስከረም ይቆጠር ወይስ ከተቀጠሩበት ቀን አልተናገረምና። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። እንግዲህ ጥር 1 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቀጠረ የመጋዘን ሠራተኛ አምስት ዓመት ሲሞላው ፈቃዱ 18 ቀን ይሆናል። 12ቱን ወስዶ 6ቱ በሥራ ብዛት ቢተላለፉ፥ ማስተላለፉ ከሁለት ዓመት ሊበልጥ ስለማይችል፥ የመጨረሻው ቀን በፈቃድ መዝገቡ ላይ አብሮ ይጻፍ።

አፈቃቀዱም እንዲሁ ነው። ሠራተኛው በጽሑፍ ይጠይቃል፤ መዝገብ ያዡ ቀሪውን ቀን ይሞላል፤ ሥራ አስኪያጁ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይፈርማል ወይም ምክንያቱን ጽፎ ሌላ ቀን ይወስናል። ሥራ አስኪያጁ ዝም ቢልስ? ብዙው ደንብ ይህን ይዘነጋል፤ መልስ የሚሰጠው ተተኪ ማን እንደ ሆነ በማዕረጉ ይጠቀስ።