«መወሰን አይቻልም»፦ የተናቀው ሦስተኛ መልስ

የኢንተርንሺፕ አመልካቾችን የሚያጣራው የጽሑፍ ፈተና፣ ተማሪው በአጭሩ «አፕቲትዩድ» የሚለው፣ ለሰፈራችን ለጀውሃ ልጅ ባዳ አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ በዚሁ ስም ተዋውቆታል። የቁጥር፣ የንባብና የቅርጽ ጥያቄዎች ይኖሩታል፤ ሰዓቱም አጭር ነው። የቁጥሩን ክፍል በአንድ ምሳሌ ልለፈው፦ ሽንኩርት ከ40 ብር ወደ 50 ሲወጣ ጭማሪው 25 በመቶ ነው፤ ከ50 ወደ 40 ሲወርድ ግን ቅናሹ 20 በመቶ ነው። መነሻው ተለውጧልና።

እኔ የምወደው የንባቡን ክፍል ነው። አጭር አንቀጽ ይሰጣችኋል፤ ከሥሩ ዓረፍተ ነገሮች ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዱ «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «መወሰን አይቻልም» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ይህን ዓይነት ጥያቄ በዓለም ካሰራጩት አንዱ በ1977 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተቋቋመው ኤስኤችኤል የተባለ ድርጅት ነው። ብዙ ተማሪ ሦስተኛውን መልስ ሰነፍ የሚደበቅበት አድርጎ ያየዋል። አመልካቾች በብዛት የሚለዩት ግን እሱ ላይ ነው።

ለልምምድ የሚሆን አንቀጽ ከራሳችን ቆላ ልፍጠር፦

«በወረዳው ካሉ ገበሬዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማሾ ይዘራሉ። ማሾ ከሽንኩርት ያነሰ ውኃ ይፈልጋል። አምና ዝናብ አጥሮ ነበር፤ ዘንድሮ ማሾ የዘሩ ገበሬዎች ቁጥር ጨምሯል።»

አሁን አራት ዓረፍተ ነገሮች እንመዝን። አንደኛ፣ «ሽንኩርት ከማሾ የበለጠ ውኃ ይፈልጋል።» እውነት ነው፤ አንቀጹ ያንኑ ነገር ገልብጦ ብሏል። ሁለተኛ፣ «በወረዳው ማሾ የሚዘሩት ገበሬዎች ከሲሶ አይበልጡም።» ሐሰት ነው፤ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

ሦስተኛ፣ «ማሾ ለውጭ ገበያ ይላካል።» የጀውሃ ልጅ እዚህ ጋ ሳያመነታ «እውነት» ይላል። አባቱ ይዘራል፣ ጎረቤቱ ይነግዳል፣ እህሉ ወዴት እንደሚሄድም ያውቃል። በዓለም ላይ ልክ ነው፤ በፈተናው ላይ ግን ተሳስቷል። አንቀጹ ስለ ውጭ ገበያ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ መልሱ «መወሰን አይቻልም» ነው። ማሾን አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ እዚህ ይቀድመዋል።

አራተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው፦ «ገበሬዎቹ ወደ ማሾ ያዘነበሉት ዝናብ ስላጠረ ነው።» ዝናብ ማጠሩም፣ የዘሪው መጨመሩም ተጽፏል፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈም። ዋጋው ተወዶ ሊሆን ይችላል፤ ዘር በብድር ተሰጥቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሁንም መወሰን አይቻልም።

ለዚህ ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አንቀጹ እንዳለ እውነት ሆኖ ሳለ ይህ ዓረፍተ ነገር ውሸት ሊሆን ይችላልን? የማይችል ከሆነ መልሱ «እውነት» ነው። አንቀጹ እውነት ሆኖ ሳለ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላልን? የማይችል ከሆነ «ሐሰት» ነው። ሁለቱም የሚቻል ከሆነ ሦስተኛው መልስ የእናንተ ነው።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእረፍት ሰፈር መጥቶ ሻይ ቤት አገኘሁት፤ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የድሮ ፈተና ይዞ «ሀ፣ መ፣ ለ» እያለ የመልስ ቁልፍ ይሸመድዳል። እባካችሁ ይህን ተዉ! አንቀጹ ሲቀየር ፊደሉ ምን ይረባችኋል? ይልቅ ስትለማመዱ ከእያንዳንዱ «እውነት» እና «ሐሰት» አጠገብ መልሱን ያገኛችሁበትን የአንቀጹን ዓረፍተ ነገር ቁጥር ጻፉ። የሚጻፍ ቁጥር ካጣችሁ መልሳችሁ የመጣው ከአንቀጹ ሳይሆን ከጓሯችሁ ነው።

ስሕተታችሁንም ለዩት። «መወሰን አይቻልም» መሆን የነበረበትን «እውነት» ካላችሁ የራሳችሁን ዕውቀት እየጨመራችሁ ነው። በተቃራኒው «እውነት» የነበረውን «መወሰን አይቻልም» ካላችሁ፣ እንደ ሽንኩርቱ ጥያቄ፣ ሐሳቡን ትታችሁ ቃል በቃል እየፈለጋችሁ ነው። መድኃኒቱ የተለያየ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ላይ «ተሳሳትኩ» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም። ጥያቄው በእንግሊዝኛ የሚመጣ ከሆነ ዘዴውን በአማርኛ አንቀጽ ካጠራችሁ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው እለፉ፤ ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩትም ያን ጊዜ ነው።

ይህ ልማድ ኢንተርንሺፑን የሚሰጠው ድርጅት አንድ ችግር ሰጥቶ ምክር እንድትጽፉ ለሚጠይቅበት የኬዝ ፈተናም ያገለግላል፤ እዚያም በወረቀቱ ላይ ያለውን ከግምታችሁ ለይታችሁ መጻፍ አለባችሁ። ስለዚህ፣ ፈተና ክፍል ስትገቡ ስለ ማሾ የምታውቁትን ሁሉ ለጊዜው ውጭ ተዉት፤ የተጠየቃችሁት አንቀጹ ምን እንዳለ ብቻ ነው።