የበዓል ዋዜማ ምጣድ ለምን ይለግማል?

በበዓል ዋዜማ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ምጣዱም ቶሎ አይግልም። ብዙ ሰው ኃይሉ ከግድቡ የቀነሰ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ወዲህ ባሉት ጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ነው። ይህን ለመረዳት ኤሌክትሪኩ የመጣበትን መንገድ ከምንጩ መከተል ያስፈልጋል።

በኦሞ ወንዝ ላይ በተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ውሃው ተርባይኑን፣ ተርባይኑም ጄኔሬተሩን ያሽከረክራል። የመነጨው ኃይል ረጅሙን ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ቮልቴጁ በትራንስፎርመር ወደ 400 ሺህ ከፍ ይላል፤ ከዚያም በወላይታ ሶዶ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ያመራል። ቮልቴጁ ከፍ የሚደረገው ብክነትን ለመቀነስ ነው። ያው ኃይል በ10 እጥፍ ቮልቴጅ ሲላክ በሽቦው የሚያልፈው ከረንት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ ሽቦውን በማሞቅ የሚባክነው ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ።

ከተማው ዳር ሲደርስ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ቮልቴጁን ደረጃ በደረጃ ያወርዱታል፤ ወደ ብዙ ሰፈሮች የሚገባው በ15 ሺህ ቮልት ነው። ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር በብረት ዙሪያ የተጠመጠሙ፣ እርስ በርስ የማይነካኩ የሽቦ ጥቅልሎች አሉት። በአንዱ ጥቅልል የሚመላለሰው ከረንት ብረቱን በማግነጢስ፣ በሌላው ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። የመግቢያው ጥቅልል 68 ዙር ሲኖረው የመውጫው አንድ ዙር ከሆነ፣ 15 ሺህ ቮልት ገብቶ 220 ገደማ ይወጣል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱ ይጨምራል። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። የመስመሩ ተቃውሞ ደርሶ መልስ ግማሽ ኦም ቢሆን፣ አንድ ምጣድ ብቻ ሲሠራ መንገድ ላይ የሚቀረው 8 ቮልት አይሞላም። በመስመሩ ጫፍ ያሉ አምስት ቤቶች ከአንድ ፌዝ ላይ አንድ ላይ ሲጋግሩ ግን 34 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀርና ለምጣዶቹ 186 ይደርሳቸዋል። የምጣዱ ሙቀት ከቮልቴጁ ይበልጥ ስለሚቀንስ፣ እያንዳንዱ ምጣድ ከሙሉ ኃይሉ 30 በመቶ ያህሉን ያጣል። መፍትሔው ወፍራም ሽቦ መዘርጋት፣ ትራንስፎርመሩን ወደ ቤቶቹ ማቅረብ ወይም ቤቶቹን በሦስቱ ፌዞች ላይ አመጣጥኖ ማከፋፈል ነው።

ከዚህ የሚለይና የከፋ ብልሽትም አለ። አንዱ ክፍል ሲደበዝዝ ሌላው፣ ወይም የጎረቤት ቤት፣ ከወትሮው በላይ ቦግ ካለ፣ የሦስቱ ፌዞች የጋራ መመለሻ የሆነው የኒውትራል ሽቦ ተቆርጦ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አንዳንድ ቤቶች ከ220 እጅግ የበለጠ ቮልቴጅ ይገባባቸዋል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚቃጠለውም በዚህ ነው። ዋናውን ማጥፊያ ወዲያው አጥፍቶ ለመብራት ኃይል ጥገና ሠራተኞች ማሳወቅ ይገባል፤ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሽቦውን መነካካት ሕይወት ያሳጣል።