የጨረታ ክሊራንስ ከየት ይጀምራል?

ጋዜጣ ላይ የሚወጣ የግንባታ ጨረታ ማስታወቂያ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የሥራ ተቋራጭነት የብቃት ማረጋገጫ፣ የቲን ቁጥር፣ የቫት ምዝገባ፣ የጨረታ ማስከበሪያ ይጠይቃል፤ መሀል ላይ ደግሞ «በጨረታ ለመሳተፍ የሚያስችል የታክስ ክሊራንስ» የምትል ሐረግ ጣል ትደረጋለች። ሌሎቹ በአብዛኛው ቢሮ ውስጥ ፋይል ላይ ያሉ ወረቀቶች ናቸው። ኮፒ ተደርገው ማኅተም ያርፍባቸዋል፣ አለቀ። ክሊራንሱ ግን ጊዜው ባለፈ ቁጥር እንደ አዲስ የሚጠየቅ ነው። ብዙ ተቋራጭ ጨረታው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ገቢዎች መስኮት ላይ ተደግፎ የሚታየው በእሱ ምክንያት ነው።

ወረቀቱን ላየው ተራ ደብዳቤ ነው። የድርጅቱ ስምና የቲን ቁጥሩ፣ ለምን ጉዳይ እንደተሰጠ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፎበት፣ ፊርማና ማኅተም ያርፍበታል። የሚሰጠው ተቋራጩ ግብሩን የሚያስታውቅበት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ነው፤ መዝገቡ በገቢዎች ሚኒስቴር ሥር ከሆነ እዚያ፣ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ገቢዎች ቢሮ ሥር ከሆነ ደግሞ እዚያ ይኬዳል። «ለምን ጉዳይ» የምትለዋ መስመር ቀላል አይደለችም። ለንግድ ፈቃድ እድሳት ተብሎ የተጻፈን ደብዳቤ ለጨረታ ያስገባ ሰው ገምጋሚ ኮሚቴው ቢጥለው የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።

ተቋራጮች ሲከለከሉ አዘውትረው የሚሉት «እኔ እኮ ምንም ዕዳ የለብኝም!» ነው። ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ የሚያየው ዕዳን ብቻ አይደለም። ድርጅቱ የተመዘገበባቸው የታክስ ዓይነቶች በሙሉ፣ ማለትም የትርፍ ግብሩ፣ ቫቱ፣ የሠራተኛ የሥራ ግብሩ፣ 11 በመቶው ከአሠሪ 7 በመቶው ከሠራተኛ የሚሰበሰበው የጡረታ መዋጮ፣ በየጊዜያቸው መታወቃቸውን ያያል። ያልታወቀ ጊዜ ካለ ክፍት ሆኖ ይታያል። ክፍት ቦታ ባለበት መዝገብ ላይ «ከታክስ ነፃ ነው» ብሎ የሚፈርም ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልፈርምም።

አንድ ተቋራጭ እናስብ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሞ በ2016 በጀት ዓመት አንድ የትምህርት ቤት ሕንፃ ሠራ። ከቫት በፊት የተከፈለው 2,400,000 ብር ነው። ሥራውን ካስረከበ በኋላ ሌላ ጨረታ እስኪያሸንፍ ድረስ ቁጭ አለ። ሥራ ስላልነበረ፣ ስለዚህም የሚከፈል ቫት ስላልነበረ፣ ለሁለት የታክስ ጊዜያት ምንም አላስታወቀም። በእሱ ቤት ምንም ያልሠራ ሰው ምን ብሎ ያስታውቃል?

ሕጉ ግን «ምንም አልሠራሁም» ብሎ ማስታወቅን ይጠይቃል። በ2008 የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የሚከፈል ታክስ ባይኖርም እንኳ ማስታወቂያውን በጊዜው ያላቀረበ ሰው ለእያንዳንዱ የታክስ ጊዜ 10,000 ብር እንዲቀጣ ደንግጓል። የእኛ ሰው የሁለት ጊዜ 20,000 ብር መጣበት። ዜሮ ብሎ ሞልቶ ቢልክ ኖሮ አንድ ሳንቲም አይከፍልም ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይልቅ ያበሳጫል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና። ያሠራው መሥሪያ ቤት ክፍያ ሲፈጽም በዚያን ጊዜ በሚሠራበት 2 በመቶ ልክ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም 48,000 ብር ቀንሶ አስቀርቷል። ይህ ገንዘብ ጠፍቶ የቀረ አይደለም፤ ተቋራጩ ለዓመቱ አስቀድሞ እንደከፈለው ግብር ይቆጠራል። በዓመቱ መጨረሻ የታክስ ትርፉ 240,000 ብር ሆነ። ማኅበሩ በ30 በመቶ የሚከፍለው ግብር 72,000 ብር ነው። የተቀነሰበት 48,000 ሲነሣ የቀረው 24,000 ብር ነው፣ ያንን እስከ ጥቅምት 30 አስታውቆ ከፍሎ ወጣ። ቤቱ ገብቶ በሰላም ተኛ።

ወራት አልፈው የጤና ጣቢያ ጨረታ ሲወጣ ክሊራንስ ጠየቀ። ስክሪኑ ላይ 48,000 ብር ውዝፍ፣ መቀጫና ወለዱ ላዩ ላይ ተጨምሮ ተቀምጧል። ለምን? ከፋዩ መሥሪያ ቤት የቀነሰውን ገንዘብ ገቢ ሲያደርግ በዝርዝሩ ላይ የቲን ቁጥሩን አንድ አኃዝ አሳስቶ ጽፎታል። ገንዘቡ መንግሥት ካዝና ገብቷል፣ ግን በተቋራጩ ስም አይደለም። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው የሚጀምረው ከከፋዩ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው። ዝርዝሩን አርመው ለገቢዎች እንዲጽፉ ማድረግ፣ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ዋና ቅጂ ይዞ ቅርንጫፉ ላይ ማቀናነስ፣ በስህተቱ ምክንያት የተጨመረውም መቀጫ እንዲነሣ በዚያው ማመልከቻ መጠየቅ። ደረሰኙን በክፍያው ቀን ያልተቀበለ ተቋራጭ እዚህ ላይ ነው የሚያለቅሰው። ሒሳብ ሹሙ ተቀይሯል፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት ወርዷል፣ ጨረታው ደግሞ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ዕዳው እውነተኛ ሲሆን መንገዱ ሌላ ነው። በአንድ ጊዜ መክፈል ያልቻለ ሰው በጽሑፍ አመልክቶ የክፍያ ጊዜ ስምምነት መፈረም ይችላል፤ ስምምነቱን ጠብቆ የሚከፍል ሰው ክሊራንስ የሚያገኝበት ዕድል አለው። አንድ ክፍያ ካሳለፈ ግን ጠቅላላው ዕዳ ተመልሶ ይቆማል። በኦዲት ውሳኔ የማይስማማ ደግሞ ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ማቅረብ አለበት። ቅሬታው ውድቅ ሆኖ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ሲሄድ ከሚከራከርበት ታክስ ግማሹን ማስያዝ ይጠበቅበታል። ቀኑ እያለፈ «ቆይ ሰው አናግራለሁ» የሚል ሰው የመከራከር መብቱንም ክሊራንሱንም አብሮ ያጣል።

በሽርክና ለሚወዳደሩም አንድ ነገር ልጨምር። የአንደኛው ማኅበር ክሊራንስ ለሁለተኛው አይሠራም፤ እያንዳንዱ የራሱን ያመጣል። ከሁለቱ ደካማ መዝገብ ያለው የሁለቱንም ፖስታ ይዞ ይወድቃል።

ስለዚህ ተቋራጭ የሆናችሁ፣ ጨረታ ሳትጠብቁ የዓመቱን ግብር ካስታወቃችሁ በኋላ በኅዳር ወር ቅርንጫፋችሁ ሄዳችሁ የሒሳብ መግለጫችሁን አሳትሙ፤ ከዊዝሆልዲንግ ደረሰኞቻችሁ ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩ። ደብዳቤውን የምትቀበሉ ቀን ደግሞ ከመስኮቱ ሳትርቁ ስሙን ከንግድ ፈቃዱ ጋር፣ ቲን ቁጥሩን አኃዝ በአኃዝ፣ የሚያገለግልበትን ቀን ጨረታው ከሚከፈትበት ቀን ጋር አስተያዩ። የተሳሳተውን ደብዳቤ እዚያው ማሳረም የደቂቃ ሥራ ነው፤ ፖስታው ከታሸገ በኋላ ግን የሚያርመው የለም።