አንዲት ፕላኔት በሁለት ስም

ጎህ ሊቀድ ሲል በስተምሥራቅ የምትደምቀውን አጥቢያ ኮከብ እንላታለን። ፀሐይ ስትጠልቅ በስተምዕራብ የምትታየው የምሽት ኮከብ ናት። ሁለቱም ስሞች የሚጠሩት አንዲቷን ፕላኔት፣ ቬነስን ነው። ቬነስ ከምድር ይልቅ ለፀሐይ ስለምትቀርብ ከፀሐይ ብዙ ርቃ አትታይም፤ ለወራት በማለዳ ትታይና ትሰወራለች፣ ከዚያም ለወራት በምሽት ትወጣለች። ዑደቱ 584 ቀን ያህል ይፈጃል። የጥንት ግሪኮችም የማለዳዋን ፎስፎሮስ፣ የምሽቷን ሄስፔሮስ ብለው ለየብቻ ሰይመዋቸው ነበር።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው ጽሑፍ እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አነሣ። «አጥቢያ ኮከብ አጥቢያ ኮከብ ናት» የሚለውን እውነት ለማወቅ ቀና ብሎ ሰማይ ማየት አያስፈልግም። «አጥቢያ ኮከብ የምሽት ኮከብ ናት» ለማለት ግን ሰማዩን ለረጅም ጊዜ መከታተል ይጠይቃል። የስም ሥራ አንድን ነገር መጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የሚሉት አንድ ነገር በሆነ ነበር። ታዲያ ሁለተኛው ብቻ አዲስ ዕውቀት የሚሰጠን ለምንድን ነው?

ፍሬገ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1879 የሰጠው መልስ፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ስለ ስሞቹ ነው፣ ሁለት ስሞች የአንድ ነገር መጠሪያ መሆናቸውን ይገልጻል የሚል ነበር። ኋላ ግን ተወው፤ ልክም አደረገ። ስም ማውጣት የሰዎች ስምምነት ነው፤ ዛሬ ተነሥቼ ለቬነስ ሦስተኛ ስም ባወጣላት ስለ ሰማይ ምንም አልተማርኩም። ሁለቱ ኮከቦች አንድ መሆናቸውን የደረሱበት ሰዎች ግን ያወቁት ስለ ሰማይ ነው።

አዲሱን መልሱን በሦስት ማዕዘን አስረዳ። ከእያንዳንዱ ማዕዘን እስከ ፊት ለፊቱ ጎን መካከል መስመር እናስምርና ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። «ሀ እና ለ የሚገናኙበት ነጥብ» እና «ለ እና ሐ የሚገናኙበት ነጥብ» አንድ ነጥብ ናቸው፤ ይህ ግን በማስረጃ የሚረጋገጥ እንጂ በንባብ ብቻ የሚታወቅ አይደለም። ነጥቡ ተጠቃሹ ነው። ወደ ነጥቡ የሚያደርሰንን መንገድ፣ ማለትም ነገሩ የሚቀርብልንን ሁኔታ፣ ፍሬገ ፍች ይለዋል። ፍች በየግላችን አእምሮ ከሚሳለው ምስል የተለየ ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቁ ሁሉ ይጋሩታል።

በዚህ መንገድ ሌላም ነገር ግልጽ ይሆናል። አንድ እረኛ አጥቢያ ኮከብ በንጋት እንደምትወጣ ያምናል፤ የምሽት ኮከብ በንጋት እንደምትወጣ ግን አያምንም። ስም በስም ስንተካ እውነቱ ወደ ሐሰት ተለወጠ። ፍሬገ እንደሚለው ስለ ሰው እምነት ስንናገር ስሙ የሚያመለክተው ፕላኔቷን ሳይሆን የተለመደ ፍቹን ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ሶል ክሪፕኪ እ.ኤ.አ. በ1970 በሰጣቸው ንግግሮች የስም ፍች መግለጫ ነው የሚለውን ሐሳብ ተቃወመ። ቬነስ በምሽት ጨርሳ የማትታይ ብትሆን ኖሮ እንኳ ያው ቬነስ በሆነች ነበርና «በምሽት የምትታየው» የስሟ ፍች ሊሆን አይችልም። ይህ ሙግት ብርቱ ይመስለኛል። የእረኛውን ጥያቄ ግን አልመለሰም፤ ክሪፕኪ እራሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ወደዚሁ የእምነት እንቆቅልሽ ተመልሶ መፍትሔ ሳይሰጥበት ትቶታል።