ስኳት አልወርድ ያለው በዳሌ ምክንያት ነው ወይስ በቁርጭምጭሚት?

ጅግጅጋ ውስጥ ጂም የሚሠራ አንድ ወጣት «ስኳት ስሠራ ዝቅ ማለት አቃተኝ፤ ለውዱእ ቁጢጥ ስል እንኳ ተረከዜ ይነሳል» ብሎ መጣ። ሁለት ወር ዳሌውን ሲያፍታታ ቆይቷል፤ ለውጥ ግን የለም።

ከተረከዞቹ ስር 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አደረግን። ወገቡ ሳይጎብጥ እስከ ታች ወረደ። ይህ የሚጠቁመው ወደ ቁርጭምጭሚት ነው። ለማረጋገጥ ባዶ እግሩን ግድግዳ ፊት አቆምነው። ተረከዙ ሳይነሳ ጉልበቱ ግድግዳውን የነካው የእግሩ አውራ ጣት ከግድግዳው እስከ 5 ሳንቲሜትር ሲርቅ ብቻ ነበር፤ ብዙ ሰው 10 ገደማ ይደርሳል።

ጣውላው ባይረዳው ኖሮ በጀርባው አስተኝተን ጉልበቱን ወደ ደረቱ እንስብ ነበር። ጉልበቱ ቶሎ ከቆመ ወይም ብሽሽቱ ላይ ቆንጠጥ ካደረገው ችግሩ ዳሌው ጋ ነው።

ልዩነቱ መፍትሔውን ይቀይራል። ለእሱ የሚያስፈልገው ጉልበቱን አጥፎ ባቱን መሳብ ነው፤ እስከዚያው በጣውላው ይሠራል። ዳሌ ሲሆን ግን እግርን ሰፋ አድርጎ ጣቶችን ወደ ውጭ ማዞር ይቀድማል፤ የአጥንት ቅርጽ በመሳብ አይለወጥምና።

ዛሬ ማታ ግድግዳው ጋ ሁለቱንም እግራችሁን ለኩ።